8,400 ተከታይ ለባና ነጋዴ ምኑ ነው?

«ሰላም እህቴ። 23 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቲክቶክ ላይ ስለ ከተማችን ቪዲዮ እሠራለሁ። 8,400 ተከታይ አለኝ፣ አንዱ ቪዲዮዬን 61 ሺህ ሰው አይቶታል። እንጀራዬ ግን ሰርግ ላይ ካሜራ መያዝ ነው፣ በቀን 1,500 ብር ይከፈለኛል። ሰፈራችን ውስጥ የመንዝ ባናና በርኖስ የሚሸጡ ትልቅ ሰው አሉ። ስፖንሰር ቢያደርጉኝ ተከታታይ አጫጭር ቪዲዮ እሠራላቸዋለሁ ብዬ በቴሌግራም እንዲህ ጻፍኩላቸው፦ ‹ሰላም ነው? እኔ ኮንቴንት ክሪኤተር ነኝ። 8,400 ተከታይ አለኝ። ከእናንተ ጋር በስፖንሰርሺፕ መሥራት እፈልጋለሁ። ምርታችሁን በጥራት አስተዋውቃለሁ። 10 ቪዲዮ እሠራለሁ፣ በዋጋው እንስማማለን። ፍላጎት ካላችሁ አውሩኝ።› አይተውታል፣ ግን ዝም አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»
ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ እስቲ መልእክቱን እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠህ አንብበው። ደንበኛ ፊታቸው ቆሞ ባና እያገላበጠ ነው። ስልካቸው ጮኸ። አንድ የማያውቁት ልጅ ስለራሱ ያወራል። ሰው ምን እንደሚያይ አልተነገራቸውም፣ ስንት እንደሚያወጡ አልተነገራቸውም፣ እሳቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸውም አልተነገራቸውም። እሺ ቢሉህ እንኳ ለምኑ እሺ እንዳሉ አያውቁትም። እምቢ ማለት ደግሞ ይከብዳል፣ የሰፈር ልጅ ነህ። ስለዚህ ዝም አሉ። ዝምታቸው ንቀት አይመስለኝም፣ ምን ብለው እንደሚመልሱ ስላላወቁ ነው።

ቁጥሩን እናንሳ። 8,400 ተከታይ ላንተ ብዙ ልፋት ነው፣ ይገባኛል። ለባና ነጋዴ ግን ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረውም። እሳቸው የሚፈልጉት ሱቃቸው ድረስ መምጣት ወይም ደውሎ ማዘዝ የሚችል ሰው ነው። 61 ሺህ የታየው ቪዲዮህ የቀልድ ከሆነና ተመልካቹ በየአገሩ የተበተነ ከሆነ ለእሳቸው አይጠቅምም። 900 ሰው ብቻ አይቶት ከሥሩ «ይሄ ቦታ የት ነው?»፣ «ስንት ነው?» እየተባለ የተጠየቀበት ቪዲዮ ካለህ ግን ወርቅህ እሱ ነው። የቲክቶክ ገጽህ ላይ ተከታዮችህ ከየት አገርና ከየትኛው ከተማ እንደሆኑ የሚያሳየውን ክፍል ክፈትና ስክሪንሾት አንሳ። እንደነዚያ ያሉ ሦስት አስተያየቶችንም ጨምርበት። እነዚህን በመልእክቱ ውስጥ አትላካቸው፣ ስትገናኙ ስልክህን አውጥተህ ታሳያቸዋለህ።

አሁን ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ሱቃቸው ሄደህ ግማሽ ሰዓት ቁም። የገበያ ቀን አይሁን፣ ፋታ የሚኖርበት ጠዋት ይሁን። ደንበኛ ምን ብሎ እንደሚወጣ አድምጥ። እንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ፦ «ይሄማ ገበያ ላይ በግማሽ ዋጋ አለ።» ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው። የእሳቸው ከመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ነው። ልዩነቱን ግን ባለሱቁ በቃል ሲያስረዱ ውለው ቢያድሩ ገዢው አያምናቸውም፣ ነጋዴ ዕቃውን ቢያሞግስ ምን ይገርማል? አንተ ልትሸጥላቸው የምትችለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ልዩነቱን ሰው በዓይኑ እንዲያይ ማድረግ ትችላለህ።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ይኸው። ከባናው ጠርዝ አንድ ክር ምዘዝ። ከፋብሪካው ብርድ ልብስም አንድ ምዘዝ። ሁለቱን በየተራ በወረንጦ ያዝና የብረት ሳህን ላይ ክብሪት ለኩስባቸው። የበግ ፀጉር ሲቃጠል የሰው ጠጉር እሳት ሲነካው የሚሸተውን ይሸታል፣ ይኮማተራል፣ እሳቱን ስታርቀው ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፣ የተረፈው ጥቁር ነገር በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ሰው ሠራሹ ክር ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ጠጥሮ ይቀራል፣ በጣትህ ብትጨምቀውም አይሰበርም። ሽታውን ቪዲዮ አያሳይም፣ የእሳቸው ፊት ግን ያሳያል። ዶቃውን ጠረጴዛው ላይ ስታንኳኳው የሚሰማውን ድምፅ ቅረጸው። 30 ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው።

ነገር ግን ይህን ካሜራ ሳትከፍት፣ እሳቸው ባሉበት፣ አስቀድመህ ሞክረው። ክሩን ከድሩም ከማጉም ምዘዝ። ዛሬ ዛሬ ድሩ ጥጥ ወይም የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ብቻ ፀጉር የሆነ ሥራም አለ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ቀላል አመድ ይሆናል። ቅልቅል ሆኖ ከተገኘ «ሙሉ በሙሉ የበግ ፀጉር» ብለህ መቅረጽ አትችልም፣ ተመልካቹ ቤቱ ወስዶ ይሞክረዋል። እሳቸውም ሸማኔው እንዴት እንደሠራው ላያውቁ ይችላሉ። ያኔ ቪዲዮው ይቀየራል፣ ማጉ ፀጉር መሆኑን ብቻ በግልጽ ታሳያለህ። የሌላ ሱቅ ስምም ሆነ የፋብሪካ ምልክት በቪዲዮው ውስጥ አይታይ። የምታወዳድረው ክርን ከክር ጋር ነው። የሰውን ንግድ ማጣጣል ከጎረቤት ጋር ያጋጫቸዋል፣ በሕግም ያስጠይቃል።

ለምን 10 ቪዲዮ አልክ? ከአንድ ዕቃ 10 ቪዲዮ ሲወጣ ከአራተኛው በኋላ የሚደጋገም ይመስለኛል። ለማያውቅህ ሰው ደግሞ 10 ትልቅ ውል ነው። ሦስት ይሁን። የመጀመሪያው የእሳቱ ነው። ሁለተኛው ስለ እጥበት ነው። ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ሲገናኙ የበግ ፀጉር ይጠላለፋል፣ ባናው ይኮማተራል፣ ተመልሶ አይዘረጋም። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀስ ብሎ መጭመቅ፣ ጥላ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ። ባና ገዝተው በእጥበት ያበላሹ ሰዎች ይህን የሚያሳይ ቪዲዮ ለዘመዶቻቸው ይልኩታል። ሦስተኛው ባናውን ለዓመታት የተጠቀመ ደንበኛ ነው። እቤቱ ሄደህ ያረጀውን ባና ገልብጠህ ታሳያለህ፣ ባለቤቱ በራሱ አንደበት ይናገራል። ደንበኛውን ባለሱቁ ያገናኙህ፣ ፈቃዱን ግን አንተ ራስህ ጠይቀው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ሸማኔው ቤት ልቅረጽ ብለህ ካሰብክ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን መንገዱና ቀኑ ዋጋውን ሌላ ያደርገዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማው ውስጥ ጨርሰው።

ዋጋውን «እንስማማለን» ብለህ መተውህ አልጠቀመህም። ጨዋነት መስሎህ እንደሆነ ይገባኛል። ነጋዴ ግን ዋጋ ያልተነገረውን ነገር ውድ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ዋጋ ለማውጣት የተከታይ ቁጥር አያስፈልግህም። ቀንህን ቁጠር። ሱቁን ለማየትና ክሩን ለመሞከር ግማሽ ቀን። ሦስቱን ለመቅረጽ አንድ ቀን። ለእያንዳንዱ ኤዲት ግማሽ ቀን፣ በድምሩ አንድ ቀን ተኩል። ሦስት ቀን ሆነ። ሰርግ ላይ በምትከፈለው ሒሳብ 4,500 ብር ነው። መብራትና ስልክ የሚይዝልህ ጓደኛህ ለአንድ ቀን 600 ብር እንበል። ትራንስፖርትና ዳታ 400። ካዩት በኋላ «ይሄን ቀይር» ማለታቸው አይቀርም፣ ለአንድ ዙር እርማት ግማሽ ቀን፣ 750። በጠቅላላ 6,250 ብር ይሆናል። አንዱን ብቻ መሞከር ቢፈልጉ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ለሥራ 2,250፣ ለጓደኛህ የግማሽ ቀን 300፣ ለትራንስፖርትና ለዳታ 200፣ በድምሩ 2,750። እዚህ ላይ ያለው እርማት ጥቃቅን ማስተካከያ ብቻ መሆኑን ንገራቸው።

ከዚያ ሒሳቡን ከእሳቸው ወገን ሥራው። ከአንድ ባና የሚያተርፉትን አታውቅም፣ ስትገናኙ በግምት ይንገሩህ። 600 ብር ያተርፋሉ እንበል። 6,250ን ለመመለስ 11 ባና ተጨማሪ መሸጥ አለባቸው። በቀዝቃዛው ወቅት 11 ባና መሸጥ ይቻላል ብለው ካመኑ ይቀጥላሉ። «በወር 5 ብቻ ነው የምሸጠው» ካሉህ አንተ ራስህ «እንግዲያው በአንዱ እንጀምር» በላቸው። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ልጅ ነጋዴው በሌላ ዓይን ያየዋል። አንድ ጥያቄም ጨምር፦ አዲስ አበባ ያለ ሰው ቢደውል በመኪና ይልካሉ? የማይልኩ ከሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተመልካችህ ለዚህ ሥራ አይቆጠርም፣ ከተማው ውስጥ ያለው ብቻ ነው የሚታሰበው።

ጊዜውንም አስብ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ከጥቅምት ጀምሮ ይጠነክራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ነው። ባና የሚገዛው ሰው ገና ብርዱ ሲጀምረው ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ተቀርጾ ጥቅምት ውስጥ በየሳምንቱ አንድ አንድ ቢወጣ ይሻላል። ጥር ላይ መጥተህ ብታማክራቸው ሰው ገዝቶ ጨርሷል።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላቸዋለሁ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ከሱቅዎ ትንሽ ከፍ ብሎ የምኖረው ልጅ ነኝ፣ ስለ ደብረ ብርሃን በቲክቶክ ቪዲዮ እሠራለሁ። ባለፈው ሱቅዎ ቆሜ አንድ ሰው ‹ገበያ ላይ በግማሽ ዋጋ አለ› ሲልዎት ሰማሁ። የእርስዎ ባና ከሌላው በምን እንደሚለይ ሰው በዓይኑ የሚያይባቸው ሦስት አጫጭር ቪዲዮዎች ልሠራልዎ አስቤያለሁ። በመጀመሪያው ከሁለቱም አንድ አንድ ክር መዘን በክብሪት እናቃጥላለን። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ጠዋትና ለማሳያ የሚሆን አንድ ባና ነው። ሦስቱ 6,250 ብር ነው፣ ግማሹ ከቀረጻ በፊት፣ ግማሹ ሦስተኛው ሲወጣ። በአንዱ መሞከር ከፈለጉ 2,750 ብር ነው። መስከረም ላይ ብንቀርጸው ብርዱ ሲጀምር ይደርሳል። ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ ብመጣ ይመችዎታል?»

«ሲልዎት ሰማሁ» የሚለውን በእውነት ካልሰማህ አትጻፈው። ሌላ ነገር ከሰማህ ያንን ጻፍ፣ የመጀመሪያው ቪዲዮም ከሰማኸው ይነሳ። የተከታይ ቁጥር እንዳልገባበት አየህ? ከጠየቁህ ትነግራቸዋለህ። «እናንተ» የሚለውም ቀርቷል። አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ድርጅት አይደሉም። የመጨረሻው ጥያቄም «እሺ» ወይም «ረቡዕ ይሁን» ተብሎ የሚመለስ ነው። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ረጅም ጽሑፍ ማንበብ ካልወደዱ ይህንኑ በድምፅ ቀድተህ ላክላቸው፣ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ስትገናኙ «ገንዘብ ከምሰጥህ አንድ ባና ልስጥህ» ይሉህ ይሆናል። ባናው የምትፈልገው ዕቃ ከሆነና ዋጋው ከአንዱ ቪዲዮ ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ለአንዱ ብቻ እሺ በል። ለሦስቱ ግን አይሆንም፣ ጓደኛህን በባና አትከፍለውም። «ከሸጥኩት ላይ አስብልሃለሁ» ቢሉህ ደግሞ በትሕትና እምቢ በል። የትኛው ገዢ በቪዲዮው እንደመጣ ማንም በትክክል አይለየውም፣ መጨረሻው መጠራጠርና መቀያየም ነው። ይልቅ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ገዢውን «እንዴት አወቁን?» ብለው ይጠይቁና «ቪዲዮ» ካለ አንድ መስመር ያስምሩ። ክፍያህ አይነካም። ደብተሩ የሚያገለግለው ሌላ ሦስት መሥራት ይገባ እንደሆነ ለመወሰን ነው።

የተስማማችሁበትን እዚያው ቴሌግራም ላይ በአራት መስመር ጻፍላቸው፦ ስንት ቪዲዮ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ስንት ብር በስንት ጊዜ፣ አንድ ዙር እርማት። አምስተኛ መስመር የምጨምርልህ ይህ ነው፦ ቪዲዮዎቹን እሳቸው በራሳቸው ገጽና ሱቅ ውስጥ ባለ ስክሪን መጠቀም ይችላሉ፣ ለሌላ ነጋዴ ወይም ለቴሌቪዥን መስጠት ከፈለጉ ግን አስቀድመው ያነጋግሩሃል። በዚህ ጉዳይ ሳይነጋገሩ ቀርተው የተጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። ጽሑፉ የሚያስፈልገው ስለማትተማመኑ አይደለም። ከወር በኋላ ማን ምን እንዳለ ሁለታችሁም ትረሱታላችሁ።

የተከፈለበት መሆኑን አትደብቅ። የአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ፣ ቁጥር 759/2004፣ ማስታወቂያ ከሌላው ነገር ተለይቶ እንዲታወቅ ይፈልጋል። ቲክቶክም ስትለጥፈው Branded content የሚለውን እንድታበራ ይጠይቅሃል፣ ካበራኸው ቪዲዮው ላይ Paid partnership የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህን አስቀድመህ ለጋሼ አሳያቸው፣ ኋላ ሲያዩት እንዳይደነግጡ። ለንግድ በሚሠራ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ያማረህን ዘፈን ሁሉ መጫን አትችልም፣ ለንግድ ከተፈቀዱት ድምፆች ብቻ ነው የምትመርጠው። ካልሆነ ድምፁ ይጠፋብሃል ወይም ቪዲዮው ይነሳብሃል። እኔ ብሆን ዘፈኑን ጨርሶ እተወዋለሁ። የክብሪቱ መጫር፣ የዶቃው መንኳኳት፣ የእሳቸው ድምፅ ይበቃል።

የድሮው መልእክት እዚያው ስላለ አዲሱን ስትልክ ስለ እሱ ምንም ማለት አያስፈልግህም፣ ይቅርታም አትጠይቅበት። መልስ ከሌለ ሳምንት ቆይተህ ራስህ ሱቁ ግባ፣ ሁለቱን ክር በኪስህ ይዘህ። ያኔም እምቢ ካሉህ አመስግነህ ውጣ፣ እዚያው መንገድ ላይ ላለው ሌላ ባና ነጋዴ ግን በዚያው ሳምንት አትሂድ። ሐሳቡን ያገኘኸው እሳቸው ሱቅ ቆመህ ነው። በርኖስ የሚሰፋ ወይም ፀጉር የሚፈትሉ እናቶች ጋ ሂድ፣ እዚያም መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ቁም።